ሪባን በተቆረጠ ማግስት የተጻፈ ሪፖርት አትመኑ

«ፕሮጀክቱ በተያዘለት ጊዜና በጀት 100 በመቶ ተጠናቆ 6,480 የገጠር ነዋሪዎችን የንጹሕ መጠጥ ውሃ ተጠቃሚ አድርጓል።»

ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጊዜው ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነበር። በአንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ውስጥ የክትትልና ግምገማ ባለሙያ ነበርኩ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ድርጅት ነውር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍም ባላስፈለገ ነበር። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ሁሉ ዓረፍተ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ቁጥሩን ቀይራችሁ እናንተም ጽፋችሁታል።

የሚያስቸግረው ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ውሸት አለመሆኑ ነው። በጻፍኩበት ቀን ጉድጓዶቹ ሁሉ ውሃ ነበራቸው። ከዓመት ከአራት ወር በኋላ ስመለስ ግን ግማሽ ያህሉ እውነት ብቻ ነበር የቀረው። ያኔ ሪፖርቱ ተልኳል፣ ለጋሹ ተቀብሏል፣ ፋይሉ ተዘግቷል።

ክርክሬ አንድ ነው። የማጠናቀቂያ ሪፖርት የምንጽፍበት ቀን ራሱ የተሳሳተ ነው። ሥራው በተረከበ ማግስት የሚጻፍ ወረቀት ገንዘቡ መውጣቱን የሚያሳይ ደረሰኝ ነው። ውጤት፣ ትምህርትና ምክረ ሐሳብ የሚሉትን ሦስት ርዕሶች በደረሰኝ ላይ ስንጭን ሦስቱንም በልብ ወለድ እንሞላቸዋለን።

የ24ቱ ጉድጓዶች ታሪክ

ፕሮጀክቱ የሁለት ዓመት ነበር። በአንድ ወረዳ ውስጥ 24 በእጅ የሚቆፈሩ ጉድጓዶችን ቆፍሮ፣ በሲሚንቶ ቀለበት ገንብቶ፣ አፍሪዴቭ የሚባለውን የእጅ ፓምፕ መትከል ነው ሥራው። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ የውሃ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ይሠለጥናል፣ ከተጠቃሚው መዋጮ ይሰበስባል። በእኛ ቤት አንድ ጉድጓድ ለ270 ሰው ተብሎ ነበር የሚታሰበው። 24 ጊዜ 270፣ 6,480። ያቺ ቁጥር የመጣችው ከዚህ ማባዛት ነው። ጄሪካን ይዞ የተሰለፈ ሰው የቆጠረ አንድም ሠራተኛ አልነበረንም።

የለጋሹ የበጀት ዓመት የሚዘጋው በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 31፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን ነው። ስለዚህ ቁፋሮው ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ክረምት መሬቱ ጭቃ ነው፣ መንገዱም አይገባም። መስከረም ላይ መንገዱ ይደርቃል፣ ጥቅምትና ኅዳር ይቆፈራል፣ ታኅሣሥ ላይ ፓምፕ ይተከላል፣ ሪባን ይቆረጣል። ቀን መቁጠሪያው የተመቸ ይመስላል።

ገበሬ ቢጠየቅ ግን የት ላይ እንደተሳሳትን ወዲያው ይናገራል። ኅዳር ማለት ክረምቱ ያጠገበው መሬት ገና ውሃውን ያልጨረሰበት ወር ነው። በኅዳር የሚቆፍር ሰው ዘጠኝ ሜትር ላይ ውሃ ያገኛል። ሁለት ሜትር ውሃ ሲቆምለት «ይበቃል» ብሎ ያቆማል። በሚያዝያ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከዚያ በታች ሲወርድ ጉድጓዱ ባዶ ቀለበት ይሆናል። ቆፋሪው የሚከፈለው በሜትር ሳይሆን በጉድጓድ ቁጥር ከሆነ ደግሞ አንድ ሜትር ጨምሮ የሚወርድበት ምክንያት የለውም።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ «ችግር» ገጠመን። ሲሚንቶ ጠፋ። በ2009 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ ሊጠናቀቁ ከታቀዱት 14 ጉድጓዶች ሰባቱ ብቻ ተቆፈሩ። የቀሩት ሰባት ሲሚንቶው እስኪመጣ ቆይተው በመጋቢትና በሚያዝያ ተቆፈሩ። ቆፋሪዎቹ አማረሩ፤ ውሃ ለማግኘት አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ሜትር ወርደዋል። በሁለተኛው ዓመት ሲሚንቶ ስላልጠፋ አሥሩም በጥቅምትና በኅዳር ተቆፍረው በጊዜያቸው አለቁ።

በማጠናቀቂያ ሪፖርቱ «ያጋጠሙ ችግሮችና የተወሰዱ መፍትሔዎች» በሚለው ሥር የጻፍኩት ይኸው ነው። «በሲሚንቶ አቅርቦት እጥረት ምክንያት 7 ጉድጓዶች በ4 ወር ዘግይተዋል። በጥብቅ ክትትል በሁለተኛው ዓመት መዘግየቱ ተቀርፏል።»

ስመለስ ያገኘሁት

ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ እዚያው ወረዳ ሄድኩ። የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ቴክኒሻን የድሮ ወዳጄ ነው። «ጉድጓዶችህን ሳታይ ትሄዳለህ?» አለኝ። አነጋገሩ ደስ አላለኝም። በእሱ ሞተር ሳይክል፣ በእኔ ነዳጅ፣ 20 ሊትር ጄሪካንና የስልኬን ሰዓት ይዘን 24ቱንም በስድስት ቀን ዞርናቸው።

አሥራ አንዱ ጄሪካኑን ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሞሉት። አራቱ አራት ደቂቃና ከዚያ በላይ ወሰዱ፤ ጥቂት ከተቀዳ በኋላ ውሃው እስኪጠራቀም ይጠበቃል። ዘጠኙ ምንም አልሰጡም። ከዘጠኙ ስድስቱ ደርቀዋል። ሦስቱ ውስጣቸው ውሃ አለ፣ ፓምፑ ግን አይስብም።

ከዚያ ማታ ላይ ጉድጓዶቹን በተቆፈሩበት ወር ለያየኋቸው። በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ከተቆፈሩት 17 ውስጥ ስድስቱ ደርቀው አራቱ ደክመዋል። ሲሚንቶ ጠፍቶ ከዘገዩት ሰባቱ ውስጥ የደረቀ አንድም የለም። የሁለቱ ፓምፕ ተበላሽቷል እንጂ ሰባቱም ውሃ አላቸው።

በሪፖርቴ ላይ «ችግር» ብዬ የመዘገብኩት መዘግየት የፕሮጀክቱን ምርጥ ጉድጓዶች ነው ያተረፈው። «ተቀረፈ» ያልኩት ደግሞ የፕሮጀክቱን ጥፋት ነው ያበዛው። ሰባት ጉድጓድ ትንሽ ቁጥር መሆኑን አልክድም፤ የአፈሩ ዓይነትም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ነገር ግን ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ልዩነቱም ከምክንያቱ ጋር ይሄዳል። በ40 ገጽ ሪፖርት ውስጥ መጻፍ የነበረበት አንድ አንቀጽ ይህ ነበር፤ የለም።

አንዱ የደረቀ ጉድጓድ ዘንድ የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ እናት አገኘሁ። አወቁኝ። የሥልጠናው ዕለት ስማቸውን የመዘገብኩት እኔ ነበርኩ።

«እማማ፣ ውሃው መቼ ነው የጠፋው?» አልኳቸው።

«እናንተ ስትጽፉ ነበረ፣ ልጄ። እኛ ስንቀዳ ነው የጠፋው።»

ይህን ሲሉ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሌላው ኮሚቴ ደግሞ ገንዘብ አለው። ሣጥናቸው ውስጥ 1,340 ብር ቆጥረው አሳዩኝ። የእነሱ ጉድጓድ ውሃ አልጎደለውም፤ የፓምፑ ጎማ ነው ያለቀው። አፍሪዴቭ ውሃ የሚስብበት ትንሽ የጎማ ማኅተም አለው፤ እያለቀ በየጊዜው መለወጥ ያለበት ዕቃ ነው። ዋጋው ሣጥኑ ውስጥ ካለው ገንዘብ እጅግ ያነሰ ነው። ግን በወረዳው ከተማ የሚሸጥበት ሱቅ የለም። ሪፖርቴ «ኮሚቴዎቹ ስለ ጥገና በመሠልጠናቸውና መዋጮ በመሰብሰባቸው የፕሮጀክቱ ዘላቂነት ተረጋግጧል» ይላል። ሥልጠናውም መዋጮውም እውነት ነው። ጎማው የት እንደሚገዛ ግን ማንም አልጠየቀም።

6,480 ስንት ነው?

አሁን ቁጥሩን እንደገና እናስላ። ማንም ሊሠራው የሚችል ሒሳብ ነው።

በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መሠረት የገጠር ነዋሪ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 25 ሊትር ውሃ ማግኘት ነበረበት። 270 ሰው በ25 ሊትር ሲባዛ 6,750 ሊትር ነው፤ ወደ 338 ጄሪካን ማለት ነው። አንዱ ጄሪካን ከነመለዋወጡ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢወስድ፣ ፓምፑ ያለ ዕረፍት ከስምንት ሰዓት በላይ መሥራት አለበት። ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል። አራት ደቂቃ የሚወስደው ጉድጓድስ? 338 ጄሪካን ለመሙላት ከ22 ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል። ሰው ሌሊት ስለማይቀዳ በአሥር ሰዓት ቀን 150 ጄሪካን፣ 3,000 ሊትር ይሰጣል። ይህ ለ120 ሰው ነው የሚበቃው።

እንግዲህ 11 ደህና ጉድጓድ በ270 ሲባዛ 2,970 ሰው። 4 ደካማ ጉድጓድ በ120 ሲባዛ 480 ሰው። ድምሩ 3,450። ከጻፍኩት 6,480 ውስጥ ከግማሽ ጥቂት የሚበልጥ ነው። የቀረው 3,030 ሰው የት ሄደ? ወደ ድሮው ወንዝ ነዋ! በእኔ ሪፖርት ውስጥ ግን ዛሬም ንጹሕ ውሃ ይጠጣል።

ይህን ለማወቅ ምን አስፈለገ? አንድ ጄሪካን፣ አንድ ሰዓት፣ ስድስት ቀንና ትክክለኛው ወር። ከአራቱ የጎደለን የመጨረሻው ነው። በታኅሣሥ ያንኑ ጄሪካን ይዤ ብዞር 24ቱም «ደህና» ይሉኝ ነበር።

ተቋራጩን ያላመንን፣ ራሳችንን ለምን አመንን?

እዚህ ላይ የሚያበሳጨኝን ልናገር።

በግንባታ ውል ውስጥ ሁለት ርክክብ አለ። የመጀመሪያው ጊዜያዊ ርክክብ ይባላል። ተቋራጩ ሥራውን ያሳያል፣ ኮሚቴ ያያል፣ ይፈርማል። ግን በዚያ ቀን ሙሉ ክፍያውን አያገኝም። ብዙውን ጊዜ ከክፍያው 5 በመቶ ያህል መያዣ ተቀንሶ ይቀመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት። በዚያ ዓመት ውስጥ ግድግዳ ቢሰነጠቅ፣ ጣሪያ ቢያፈስ ተቋራጩ ተመልሶ ይጠግናል። ዓመቱ ሲያልፍ የመጨረሻ ርክክብ ይደረጋል፤ መያዣው ያኔ ይለቀቃል።

ይህ ሕግ የመጣው ከልምድ ነው። አዲስ ሕንጻ ሁሉ ያምራል፤ ክረምት ያላለፈበት ጣሪያ ደግሞ አይመሰገንም። አባቶች «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ያሉት ይህንኑ ነው።

ታዲያ ሲሚንቶ አቡኪውን ተቋራጭ ለአንድ ዓመት ሳናምነው፣ ሪፖርት ጸሐፊውን በአንድ ቀን ለምን እናምነዋለን? የእኔ ሪፖርት ጊዜያዊ ርክክብ ላይ የተጻፈ ነው፤ የተነበበው ግን እንደ መጨረሻ ርክክብ ነው። መያዣ የለው፣ የመመለሻ ቀን የለው። እንዲያውም ሪፖርቱን በጻፍኩ በሳምንቱ የእኔም የሥራ ውል አበቃ። ሊጠየቅ የሚችለው ሰው ከሪፖርቱ ጋር አብሮ ተዘጋ።

ግምገማውስ? በእኛ አገር አሠራር የፕሮጀክት ማጠቃለያ ግምገማ የሚመለከታቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይሳተፉበታል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን በእኛ ፕሮጀክት የገምጋሚዎቹን አበልና መኪና የከፈልነው እኛ ነን፤ የሚጎበኙትን ሦስት ጉድጓድ የመረጥነውም እኛ ነን። ለመንገድ የሚቀርቡትን መረጥን። በታኅሣሥ።

«ትምህርት» ተብሎ የተጻፈው

ሪፖርቱ ላይ «የተገኙ ትምህርቶች» የሚል ገጽ አለ። የእኔን እነሆ፦ «ለፕሮጀክት ስኬት የማኅበረሰቡ ተሳትፎ ወሳኝ መሆኑን፣ ከባለድርሻ አካላት ጋር ተቀናጅቶ መሥራት እንደሚያስፈልግና የቅርብ ክትትል ውጤታማ እንደሚያደርግ ተምረናል።»

ይህን የተማርኩት ከዚህ ፕሮጀክት አይደለም። ከቀድሞው ሪፖርት ነው የገለበጥኩት። አንድን ትምህርት ለመፈተን ቀላል ዘዴ አለ፤ ገልብጡትና ትርጉም ይሰጥ እንደሆነ እዩ። «የማኅበረሰቡ ተሳትፎ አያስፈልግም» የሚል ፕሮጀክት በዓለም ላይ አለ? ከሌለ የጻፍነው ትምህርት ሳይሆን ሰላምታ ነው። «በኅዳር አትቆፍሩ» ግን ቢገለበጥ «በኅዳር ቆፍሩ» ይሆናል፤ ሰዎች በእርግጥ የሚያደርጉት እሱን ነው። ስለዚህ ትምህርት ነው።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ማስረጃው በእጄ የነበረ መሆኑ ነው። የሳይት ፎርማናችን በግንቦት 2009 ዓ.ም. ወርኃዊ ማስታወሻው ላይ በኅዳር ከተቆፈሩት ሁለቱ ውሃቸው እንደቀነሰ ጽፎ ነበር። አንብቤዋለሁ። ክረምት ገባ፣ ውሃው ተመለሰ፣ እኔም «ተስተካክሏል» አልኩ። ማጠናቀቂያውን ስጽፍ ፎርማኑ ሌላ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ሦስት ወሩ ነበር። መሐንዲሱም ሄዷል። በማንኛውም ፕሮጀክት የመጨረሻው ሩብ ዓመት ሠራተኛው ሥራ የሚፈልግበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን በመጨረሻ እንሰበስባለን ማለት የሚያውቁት ከሄዱ በኋላ የማያውቁትን እንጠይቃለን ማለት ነው። ሪፖርቱ የሚጻፈው በታኅሣሥ ቢሆንም የትምህርቱ ገጽ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በየሦስት ወሩ መሞላት አለበት። አራት መስመር ይበቃል፦ ምን ጠበቅን፣ ምን ሆነ፣ ለምን ይመስለናል፣ ምን እንቀይራለን።

በዚህ መልክ ቢሆን ኖሮ ሪፖርቴ እንዲህ ይል ነበር፦ «ጉድጓዶቹ ዓመቱን ሙሉ ውሃ እንዲሰጡ ጠብቀን ነበር። በክረምት ማግስት ከተቆፈሩት ውስጥ ሁለቱ በመጀመሪያው በጋ ውሃቸው ቀንሷል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ በተቆፈሩት ላይ ቅናሽ አልታየም። የውሃው ወለል ከፍ ባለበት ወር ቆፍረን ቶሎ በማቆማችን ይመስለናል። በሁለተኛው ዓመት የተቆፈሩት አሥሩም በዚያው ወቅት ስለተቆፈሩ በመጪው ሚያዝያ እንዲፈተሹ እንጠይቃለን።» አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ገና የደረቀ ጉድጓድ ሳይኖር አደጋውን ይናገር ነበር።

ምክረ ሐሳቡ ያመጣው ጣጣ

የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ምክረ ሐሳብ ደግሞ ይኸው፦ «ፕሮጀክቱ ውጤታማ በመሆኑ ወደ አጎራባች ቀበሌዎች ቢስፋፋ።»

ተስፋፋ። ለጋሹ ሪፖርቱን አምኖ ለሁለተኛ ዙር 30 ጉድጓድ ፈቀደ። ያው የበጀት ዓመት፣ ያው ውል፣ ያው በጉድጓድ የሚከፈል ክፍያ። እኔ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ደረቅ ቀለበት ውስጥ ስመለከት፣ የሁለተኛው ዙር ቆፋሪዎች በዚያው ዓመት ኅዳር ገብተው ጨርሰው ወጥተው ነበር። «ጉድና ጅራት ወደ ኋላ ነው» ይባላል። የእኔ ሪፖርት ጅራት 30 ጉድጓድ ነው።

ለዚህ ነው ሪፖርቱን እንደ ወረቀት ሥራ የሚያዩ ሰዎች የሚያናድዱኝ። «ማን ያነበዋል?» ይላሉ። የመጨረሻውን ገጽ በደንብ የሚያነብ ሰው አለ፤ ቀጣዩን ገንዘብ የሚፈርመው ሰው።

ምክረ ሐሳብ ማለት ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ፣ በምን ገንዘብ የሚል ነው። ለዚያ ፕሮጀክት ሦስት ብቻ ይበቁ ነበር። አንደኛ፣ ለጋሹ የግንባታ በጀቱን መዝጊያ እስከ ሰኔ 30 ያራዝም፤ ቁፋሮ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይሁን። ሁለተኛ፣ ድርጅቱ ቆፋሪውን በሜትር ይክፈል፣ በቁፋሮ ጊዜ ውሃውን የሚያወጣ ሞተርም በጀት ይያዝለት፤ በበጋ ጠልቆ መቆፈር ውድ መሆኑን አንደብቅ፣ ባለው ገንዘብ 24 ሳይሆን 18 ጉድጓድ ቢወጣም 18 እርጥብ ጉድጓድ ይሻላል። ሦስተኛ፣ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ከአንድ የከተማው ነጋዴ ጋር ተስማምቶ የአፍሪዴቭ ጎማ በሱቁ እንዲቀመጥ ያድርግ፤ የመጀመሪያውን ዕቃ ፕሮጀክቱ ይግዛ። እያንዳንዱ ሰው ዓመት ቆይቶ «አደረግኸው ወይስ አላደረግኸውም?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። «ቢስፋፋ» የሚለውን ግን ማን ይጠየቅበታል?

«እውነቱን ብንጽፍ ገንዘቡ ይቀራል»

ይህን የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ ሥጋታቸውም መሠረት አለው። ለጋሽ ጥሩ ወሬ ይወዳል። ሆኖም ሌላ መንገድ የሄዱ አሉ። የካናዳው ድንበር የለሽ መሐንዲሶች ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከሸፉ ሥራዎቹን የሚዘረዝር ሪፖርት በራሱ ፈቃድ ለዓመታት ለሕዝብ አውጥቷል። የዓለም ባንክም ፕሮጀክት ሲዘጋ የማጠናቀቂያ ሪፖርት ይጽፋል፤ ያንን ሪፖርት ደግሞ በባንኩ ውስጥ ያለ ራሱን የቻለ የግምገማ ክፍል አይቶ የራሱን ውጤት ይሰጣል። ከስድስቱ የውጤት ደረጃዎች ሦስቱ «አላረካም» በሚለው ወገን ናቸው። በእኛ ሪፖርት ላይ ያለው ደረጃ አንድ ብቻ ነው፤ «ተሳክቷል»።

ባንኩን ጻድቅ ላደርገው አልፈለግኩም። የእሱም ሪፖርት የሚጠበቀው ፕሮጀክቱ በተዘጋ በስድስት ወር ውስጥ ስለሆነ ያው የቀን በሽታ አለበት። ለዚህም ይመስላል ከዓመታት በኋላ የተወሰኑ ፕሮጀክቶችን እየመረጠ እንደገና የሚያየው። እኛ ከዚህ መውሰድ የምንችለው ቀላል ነው፤ የጻፈው ሰው ብቻውን አይፍረድ፣ የተዘጋው ፋይል አንድ ጊዜ እንደገና ይከፈት።

«ፕሮጀክቱ ከተዘጋ በኋላ በጀት ከየት ይመጣል?» የሚለውም ጥያቄ መልስ አለው። እኛ ለመዝጊያ ዎርክሾፕ የሆቴል አዳራሽ ተከራይተናል፣ ባነር አሳትመናል፣ ሻይና ዳቦ አቅርበናል፣ ለተሰብሳቢው አበል ከፍለናል። ለዚያ ወጪ አንድ ባለሙያና አንድ ሞተር ሳይክል ስድስት ቀን ሳይሆን ስድስት ወር ይዞሩበት ነበር። ከተቋራጩ መያዣ እንደምንይዝ ከራሳችንም በጀት ላይ ትንሽ መያዣ እንያዝ። ለጋሹ የመጨረሻውን ክፍያ የሚለቀው ከአንድ በጋ በኋላ በሚመጣ ሁለተኛ ሪፖርት ይሁን።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። በተዘጋ ማግስት የሒሳብና የሥራ መዝጊያ ጻፉ፤ ስንት ተቆፈረ፣ ስንት ወጣ፣ መቼ ተረከበ። «ተጠቃሚ» የሚል ቃል አይግባበት። ከአንድ ሙሉ በጋ በኋላ፣ በሚያዝያ፣ ጄሪካንና ሰዓት ይዛችሁ ሁሉንም ዞራችሁ የውጤቱን ሪፖርት ጻፉ። ያኔ «ተጠቃሚ» ማለት ትችላላችሁ። ያኔ «ተምረናል» ማለት ትችላላችሁ። ውሃ ላልሆነ ፕሮጀክትም ሥራውን የሚፈትን የራሱ ሚያዝያ አለው። የትምህርት ቤት ፕሮጀክት የሚፈተነው መምህሩ ሲቀየር ነው፤ የዘር ብድር የሚፈተነው ዝናብ በዘገየበት ዓመት ነው። ያ ጊዜ ሳያልፍ የተጻፈውን አትመኑት።

አንባቢ ሆይ፣ ለጋሽ ብትሆን፣ የቢሮ ኃላፊ ብትሆን፣ ጋዜጠኛ ብትሆን፣ ቀጣዩን የማጠናቀቂያ ሪፖርት ሲሰጡህ ከመግለጡ በፊት ሽፋኑ ላይ ያለውን ቀን ተመልከት። ከሪባኑ ፎቶ ጋር አንድ ወር ከሆነ፣ እማማን አስታውሳቸው።

ስንጽፍ ነበረ። ሲቀዱ ጠፋ።